ምዕራፍ 7፦ በስንት ሰዓት ይታለብ?

ከእርሳስ ሣጥኑ ውስጥ

የኒውክሌር ሕክምና ክፍል ሥራ የሚጀምረው ታካሚዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ነው። በወፍራም እርሳስ ከተከለለው ጠረጴዛ ጀርባ ባልዲ የሚያህል ከባድ ሣጥን ተቀምጧል። ባለሙያው በሣጥኑ አናት ባለው አንድ መርፌ ላይ ኖርማል ሳላይን የያዘ ትንሽ ብልቃጥ ይሰካል፤ በሌላው መርፌ ላይ ደግሞ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ባዶ ብልቃጥ። ባዶው ብልቃጥ ሳላይኑን በሣጥኑ ውስጥ አሳልፎ ወደ ራሱ ይስበዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውሃ የመሰለ፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይሞላል። በዚያ ቀን የአጥንት፣ የልብ፣ የኩላሊትና የእንቅርት ምርመራ የሚደረግላቸው ሰዎች የሚወጉት ቴክኒሺየም ያለው እዚያ ፈሳሽ ውስጥ ነው።

በሣጥኑ መሐል ያለው አሉሚና በሚባል ነጭ ዱቄት የተጠቀጠቀ የጣት ቁመት የሚያህል የብርጭቆ አምድ ነው። ሞሊብዲነም 99 አሉሚናው ላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ሞሊብዲነሙ ሲፈርስ የሚወለደው ቴክኒሺየም 99ኤም ግን ከአሉሚናው ጋር ያለው ትስስር የላላ ስለሆነ ሳላይን ሲያልፍበት ታጥቦ ይወጣል። እናትየው ትቀራለች፤ ልጅየው ትወጣለች። መሣሪያው ጄኔሬተር ይባላል።

ሐሳቡ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነበር። ዋልተር ታከርና ማርጋሬት ግሪን ሌላ ጄኔሬተር ሲያጣሩ አንድ ያልጠበቁት ቆሻሻ አገኙ፤ ቆሻሻው ቴክኒሺየም 99ኤም ሆኖ ተገኘ። ከዚያው ላቦራቶሪ ፓውል ሪቻርድስ ለሕክምና እንዲውል ወተወተ።

በሙያው ውስጥ ጄኔሬተሩ «ላም» ይባላል፤ ቴክኒሺየሙን ማውጣትም «ማለብ»። ይህ ምዕራፍም በዚሁ ንጽጽር ይሄዳል፤ የታለበች ላም ጡት ወዲያው አይሞላምና። ጠዋት ታልባ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብትታለብ የምትሰጠው ትንሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብትቆይ ብዙ ነው። ጥያቄው ጡቱ በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚሞላ ነው። ይህን ያወቀ ባለሙያ ለስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት ቀጠሮ መስጠት እንደሚችል ያውቃል።

ጎዶሎው ይጋመሳል

በምዕራፍ 3 ስለ ግማሽ ዕድሜ የተባለውን ማስታወስ እዚህ ይጠቅማል። አንድ ጨረር አመንጪ ነገር ካለው አቶም ግማሹ ለመፍረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሞሊብዲነም 99 ለዚህ 66 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ያስፈልገዋል። ቴክኒሺየም 99ኤም ግን 6 ሰዓት ብቻ። በምዕራፍ 4 የመጣው አክቲቪቲ የሚለው ቃልም ይመለሳል፤ በአንድ ሰከንድ ስንት አቶም እንደሚፈርስ የሚነግር ቁጥር ነው። መለኪያው ቤክረል ሲሆን በሆስፒታል ሥራ የሚያጋጥመው ጊጋቤክረል፣ ማለትም አንድ ቢሊዮን ቤክረል ነው።

ጄኔሬተሩ በታለበ ቅጽበት አምዱ ውስጥ ያለው ቴክኒሺየም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሞሊብዲነሙ አዲስ ቴክኒሺየም ይወልዳል፤ የተወለደው ደግሞ በራሱ ፍጥነት ይፈርሳል። መጀመሪያ ላይ የሚፈርሰው ጥቂት ስለሆነ ክምችቱ ቶሎ ያድጋል። ክምችቱ ባደገ ቁጥር የሚፈርሰውም ይበዛል፤ ዕድገቱ እየቀዘቀዘ ሄዶ ጣሪያ ላይ ይቆማል።

ጣሪያው የት ነው? በዚያ ሰዓት ካለው የሞሊብዲነም አክቲቪቲ 96 በመቶ ገደማ። ይህ ቁጥር ሁለት ምክንያቶች ተዋህደው የሚሰጡት ነው። ከሚፈርሱት 100 የሞሊብዲነም አቶሞች በቴክኒሺየም 99ኤም በኩል የሚያልፉት 88 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሕክምና ላይ የማይጠቅመውን ቴክኒሺየም 99 በቀጥታ ይወልዳሉ። በሌላ በኩል አሁን ያለው ቴክኒሺየም ከጥቂት ሰዓታት በፊት፣ ሞሊብዲነሙ ትንሽ በዝቶ ሳለ የተወለደ ነው፤ ስለዚህ ድርሻው ከ88 ከፍ ይላል።

ለስሌት የሚበጀው ግን ጣሪያው ድረስ የቀረውን ጎዶሎ መመልከት ነው። ጎዶሎው በየ6 ሰዓት ተኩሉ ገደማ ይጋመሳል። ልክ ሲታለብ ጎዶሎው ሙሉ ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ግማሹ ይቀራል፣ ከ13 ሰዓት በኋላ ሩቡ፣ ከ20 ሰዓት በኋላ ስምንተኛው። ከ24 ሰዓት በኋላ ጄኔሬተሩ ከጣሪያው 92 በመቶ ላይ ይደርሳል። በቀመር መያዝ ለሚሻ አንባቢ ሙሉው ነገር ይህ ነው፤ t ከመጨረሻው እልበት ወዲህ ያለፈው ሰዓት፣ A_Mo ደግሞ በዚያች ሰዓት ያለው ሞሊብዲነም ነው።

```
A_Tc = 0.963 × A_Mo × (1 − e^(−0.105 × t))
```

ቀመሩን ትቶ ሦስት ቁጥር ብቻ በአእምሮ መያዝም ይቻላል። ከታለበ 4 ሰዓት የሆነው ጄኔሬተር በሰዓቱ ካለው ሞሊብዲነም ሲሶውን ያህል ቴክኒሺየም ይዟል። 6 ሰዓት የሆነው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። 24 ሰዓት የሆነው 88 በመቶ ደርሷል። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት የማለብ ልማድ የመጣውም ከዚሁ ነው፤ የአምዱ ክምችት በቁጥር ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከታለበ 23 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ሞሊብዲነሙ ራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ መጠበቅ አይጨምርም።

አንድ ማክሰኞ

አንድ ጄኔሬተር ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ 20 ጊጋቤክረል ሞሊብዲነም አለው እንበል። መጨረሻ የታለበው ሰኞ በዚያው ሰዓት ነው። 24 ሰዓት ስለሞላው የ20ው 88 በመቶ ያህል፣ ይኸውም 17.7 ጊጋቤክረል ቴክኒሺየም አምዱ ውስጥ አለ።

ሁሉም አይወጣም። ጥሩ ጄኔሬተር ካለው አብዛኛውን ይሰጣል እንጂ አሟጦ አይሰጥም። 90 በመቶው ቢወጣ ብልቃጡ ውስጥ 15.9 ጊጋቤክረል ይገባል። በዚህ ማክሰኞ የአጥንት ምርመራ ያላቸው 15 ሰዎች ናቸው፤ ስድስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ዘጠኙ ከቀኑ 8 ሰዓት ይወጋሉ። ለእያንዳንዱ በሚወጋበት ደቂቃ 0.7 ጊጋቤክረል ያስፈልጋል።

በቁሙ ሲታይ ይበቃል። 15 በ0.7 ሲባዛ 10.5 ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው 15.9። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብልቃጡ ከአምዱ ተለይቷል፤ ከእንግዲህ የሚወልድለት የለም፣ የሚፈርሰው ብቻ ነው። የታለበ ወተት ጡት ውስጥ እንዳለው አይሞላም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የነበረው 79 በመቶ ይቀራል፣ ቀኑ 6 ሰዓት ላይ 63 በመቶ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ልክ ግማሹ።

ስለዚህ ስሌቱ ወደ ኋላ ይሠራል። ታካሚው በሚወጋበት ሰዓት የሚፈለገው ተይዞ፣ በታለበበት ሰዓት ስንት መሆን እንደነበረበት ይጠየቃል። ከቀኑ 8 ሰዓት ለሚወጋ ሰው 0.7 እንዲገኝ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ 1.4 መቀመጥ አለበት። የጠዋቶቹ ስድስት ሰዎች 4.2 ለ0.79 ሲካፈል 5.3 ጊጋቤክረል ይወስዳሉ። የከሰዓቶቹ ዘጠኝ ሰዎች 12.6 ይወስዳሉ። ድምሩ 17.9 ነው። ያለው 15.9።

ጎደለ። የጠዋቶቹ ድርሻ ሲነሣ 10.6 ይቀራል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲደርስ 5.3 ይሆናል፤ ያ ለሰባት ሰው ይበቃል። ሁለት ሰዎች፣ ምናልባትም ከሩቅ አገር በአውቶቡስ የመጡ፣ ሳይወጉ ይቀራሉ።

ቀኑ 6 ሰዓት ላይ እንደገና

ሁለተኛ ማለብ የሚመጣው እዚህ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወዲህ ላሚቱ ዝም ብላ አልቆመችም። ቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሞሊብዲነሙ ከ20 ወደ 19.2 ብቻ ወርዷል፤ አምዱ ደግሞ ከታለበ 4 ሰዓት ስለሆነው የ19.2ን ሲሶ፣ 6.3 ጊጋቤክረል ቴክኒሺየም ይዟል። ጠዋት ታጥቦ ያልወጣው ቅሪት ሳይቆጠር ነው ይህ። 90 በመቶው ቢወጣ 5.7 ይገኛል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይህ 4.5 ይሆናል፤ ለስድስት ሰው የሚበቃ። የቀሩት ሁለቱ ይወጋሉ፣ ተርፎም ድንገት ለሚመጣ ታካሚ ይሆናል።

የነገስ? ብዙ ክፍሎች ሁለተኛ ማለብን የሚፈሩት የረቡዕን ጠዋት ላለማራቆት ነው። ስሌቱ ግን ፍርሃቱን አይደግፍም። ረቡዕ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሞሊብዲነሙ 15.5 ጊጋቤክረል ነው። ማክሰኞ ቀን ባይታለብ ኖሮ አምዱ 13.8 ቴክኒሺየም ይይዝ ነበር። ቀኑ 6 ሰዓት ላይ ስለታለበ ያደገው ለ20 ሰዓት ብቻ ነው፤ 13.1 ይይዛል። ልዩነቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማክሰኞ ቀን የወጣው 6.3 ጊጋቤክረል አምዱ ውስጥ ቢቀርም እስከ ረቡዕ ጠዋት በ20 ሰዓት ውስጥ አንድ አሥረኛው ብቻ ነበር የሚተርፈው። የጠፋው ያ አንድ አሥረኛ ነው። ሁለተኛው እልበት ወደ አመሻሹ በቀረበ መጠን ግን የነገው ዕዳ ያድጋል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢታለብ የረቡዕ ጠዋቱ በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

የላሚቱ ንጽጽር የሚያበቃበት ቦታም ይኸው ነው። እውነተኛ ላም ደጋግማ ስትታለብ ብዙ ትሰጣለች። ጄኔሬተር ግን በቀን አንዴም ይታለብ ሦስቴ፣ የሚወለደው ቴክኒሺየም አይጨምርም። ብልቃጡና አምዱ ውስጥ ያለው ሲደመር ሁልጊዜ አንድ ነው። ማለብ የሚለውጠው ቴክኒሺየሙ የሚገኝበትን ቦታ ነው፤ አምድ ውስጥ ያለ ለማንም አይወጋም።

ሰኞ ጠዋት

ዓርብ ጠዋት ታልቦ ቅዳሜና እሑድ የከረመ ጄኔሬተር ሰኞ ብዙ አክቲቪቲ ይሰጣል። ችግሩ አብሮት በሚወጣው ላይ ነው።

ቴክኒሺየም 99ኤም ሲፈርስ ደብዛው አይጠፋም፤ ቴክኒሺየም 99 ይሆናል። ይህኛው ግማሽ ዕድሜው ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ስለሆነ ጨረሩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ካሜራም አያየውም። በኬሚስትሪ ግን ከጠቃሚው ወንድሙ አይለይም። አምዱ ሳይታለብ በቆየ ቁጥር እየተከማቸ ይሄዳል። ከ24 ሰዓት በኋላ ከሚወጡት 100 የቴክኒሺየም አቶሞች 28 ያህሉ ጠቃሚ ናቸው። ከ72 ሰዓት በኋላ 8 ብቻ።

ቴክኒሺየም ብቻውን አጥንት አያገኝም፤ ወደ አጥንት፣ ወደ ልብ ወይም ወደ አንጎል የሚወስደው ዱቄት መድኃኒት አለ። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ቴክኒሺየሙን ለመያያዝ ያዘጋጀዋል። ቴክኒሺየም 99 ቆርቆሮውን ይሻማል። ቆርቆሮው በጣም ጥቂት የሆነባቸው መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ የአንጎል የደም ፍሰት የሚታይበት ኤክሳሜታዚም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታለበ ጄኔሬተር የወጣ ትኩስ ቴክኒሺየም ብቻ እንዲጠቀሙ መመሪያቸው ያዛል። ካልሆነ ሳይያያዝ የቀረው ቴክኒሺየም ወደ እንቅርትና ወደ ሆድ ይሄድና ምስሉ ይበላሻል።

መፍትሔው ከሰኞ ፕሮግራም ጋር ተያይዟል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የታለበው ለእንቅርት ወይም ለአጥንት ይውላል። ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እንደገና ሲታለብ የሚወጣው በመጠን ሲሶ ቢሆንም ከ100 አቶም 70 ያህሉ ጠቃሚ ነው። የአንጎሉ ታካሚ የሚቀጠረው ለዚያ ሰዓት ነው።

ስሌቱና ልኬቱ ሲለያዩ

ብልቃጡ ሲሞላ ዶዝ ካሊብሬተር በሚባለው የአክቲቪቲ መለኪያ ውስጥ ይገባል። በተሰላውና በተለካው መካከል ትልቅ ልዩነት ሲኖር አንድ ነገር ተሳስቷል።

ቁጥሩ በጣም ካነሰ መጀመሪያ የሚታየው የፈሳሹ ልክ ነው። ብልቃጡ ግማሽ ብቻ ከሞላ አየር አስገብቶ የመሳብ አቅሙን አጥቷል፤ ቴክኒሺየሙ አምዱ ውስጥ ነው፣ በአዲስ ብልቃጥ ይወጣል። ፈሳሹ ሙሉ ሆኖ አክቲቪቲው ካነሰ ደግሞ መዝገቡ ይገለጣል፤ ምናልባት ትናንት አመሻሽ ላይ ሳይመዘገብ የታለበ አለ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ሌላ ስህተት አለ። የጄኔሬተሩ መለያ ወረቀትና የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ሰዓት የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ባለሙያው የሚቆጥረው ከንጋት። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፤ የቴክኒሺየም ግማሽ ዕድሜም 6 ሰዓት ነው። ብልቃጡ ላይ «2 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው ኮምፒውተር ውስጥ 02:00 ሆኖ ከገባ፣ ፕሮግራሙ ፈሳሹ በ6 ሰዓት ያረጀ ይመስለዋል። ቀሪው ግማሽ ነው ብሎ ያሰላና ከሚያስፈልገው እጥፍ ፈሳሽ እንዲቀዳ ይናገራል። ሞሊብዲነም ላይ ይኸው ስህተት 6 በመቶ ብቻ ያዛባል፤ ቴክኒሺየም ላይ በእጥፍ። መከላከያው ሁለት ነው፤ ብልቃጥ ላይ በ08:00 አጻጻፍ መመዝገብና እያንዳንዱን መርፌ ሳይወጋ መለካት።

ሦስተኛው ሞሊብዲነሙ ራሱ አምዱን ለቆ የወጣ እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ ነው። ብልቃጡ የቴክኒሺየምን ጨረር በሚያስቀር የእርሳስ ዕቃ ውስጥ ይደረግና እንደገና ይለካል። የሞሊብዲነም ጨረር ጉልበታም ስለሆነ እርሳሱን አልፎ ይታያል። በአሜሪካ የመድኃኒት ደረጃ ለአንድ ሺህ የቴክኒሺየም እጅ የሚፈቀደው 0.15 እጅ ሞሊብዲነም ነው። ይህ መጠን የሚታየው ታካሚው በሚወጋበት ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም ቴክኒሺየሙ ሲፈርስ ሞሊብዲነሙ ባለበት ስለሚቆይ ምጣኔው በየ6 ሰዓት ተኩሉ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ 0.05 የነበረ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ 0.15 ይደርሳል። ጠዋት ያለፈ ብልቃጥ ማታ ላያልፍ ይችላል።

ሁለተኛው ሳምንት

ያ የማክሰኞ ጄኔሬተር ዓርብ ጠዋት 9.4 ጊጋቤክረል ሞሊብዲነም ይቀረዋል፤ በቀጣዩ ማክሰኞ 3.4። በዚያ ጠዋት ሲታለብ የሚሰጠው 2.7 ጊጋቤክረል ገደማ ነው። ለአጥንት ምርመራ ለሦስት ሰው ብቻ ይበቃል፤ ያም ወዲያው ከተወጉ ነው። አዲሱ ጄኔሬተር በዚህን ጊዜ ደርሶ ከጎኑ ተቀምጧል።

አሮጌው ግን አይጣልም። የእንቅርት ምርመራ ለአንድ ሰው የሚፈልገው 0.15 ጊጋቤክረል ያህል ነው፤ ቴክኒሺየሙም ምንም መድኃኒት ሳይጨመርበት እንደወጣ ይወጋል። 2.7 ለ0.15 ሲካፈል 18 ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የተቀጠሩ አሥራ አራት የእንቅርት ታካሚዎች በዚህ ብልቃጥ ይስተናገዳሉ፤ አዲሱ ጄኔሬተር ሙሉ በሙሉ ለአጥንትና ለልብ ይቀራል።